ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት የትኛው ድንጋይ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ቤታችን ውስጥ ሁለት ርካሽ የግድግዳ ሰዓቶች፣ የቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሞቶችም አሉ። ባለሱቁ አንዳንዴ ርካሹን ድንጋይ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍለውን አልካላይን ይሰጠኛል። ውዱን መግዛት በእውነት ያዋጣል ወይስ ብር ማባከን ነው? ባለፈው አንዱ ሪሞት ውስጥ ፈስሶ አበላሽቶብኛል።»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። አልካላይኑ እውነትም ሦስት እጥፍ የሚያስከፍልዎት ከሆነ ለሰዓቱም ለሪሞቱም ተራውን ይግዙ፤ ግን ሪሞቱ ውስጥ እንዳይረሱት። ዋጋው ወደ ሁለት እጥፍ ሲወርድ ሰዓቱ ላይ አልካላይን ያሸንፋል፤ ሪሞቱ ላይ ያን ጊዜም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ካወቁ ዋጋው በተለዋወጠ ቁጥር ራስዎ ማስላት ስለሚችሉ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ይባላል። ላዩ ላይ «ሄቪ ዱቲ» ወይም «ኤክስትራ ሄቪ ዱቲ» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ይኸው ነው። ቃሉ ጠንካራ መሆኑን የሚናገር ይመስላል፤ ነገር ግን አልካላይን ማለት አይደለም፣ ብዙ ገዢዎችም በዚህ ይሳሳታሉ። የማያሻማው ምልክት በትንሹ የታተመው ኮድ ነው። በሰዓት ውስጥ የምንከተው ባለ ሁለት ኤ ድንጋይ ተራ ከሆነ R6፣ አልካላይን ከሆነ LR6 ይላል። ቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ ደግሞ R03 ወይም LR03 ይላል። ከፊት ያለችውን L ይፈልጉ፤ ከሌለች የአልካላይን ዋጋ አይክፈሉ።

ኮዱን ማመን ካልቻሉ ክብደቱን ይመኑ። ባለ ሁለት ኤ አልካላይን 23 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተራው ከ15 እስከ 19 ግራም ነው። ሁለቱን በሁለት እጅ ቢይዟቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። «አልካላይን» ተብሎ ተጽፎበት እንደ ተራው የቀለለ ድንጋይ ካጋጠመዎት የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ለባለሱቁ ይመልሱለት።

የክብደቱ ልዩነት ከውስጣቸው አሠራር የሚመጣ ነው። ተራው ድንጋይ ከልጣጩ ሥር ያለው ጣሳ ራሱ ዚንክ ነው። መሃሉ ላይ ጥቁር የካርቦን ዘንግ ይቆማል፤ በዙሪያው በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና በካርቦን የተቦካ ጥቁር ዱቄት ይሞላል። ገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን ዱቄት ያውቀዋል፤ ያለቀ ድንጋይ ተሰብሮ ጥቁር ሰሌዳ ይቀባበት ነበር። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሠራው ፈሳሽ ባትሪ የወረደ ነው፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ዛሬም አልተለወጠም። ልብ ሊባል የሚገባው ዚንኩ በአንድ ጊዜ ነዳጅም ዕቃም መሆኑ ነው። ድንጋዩ በሠራ ቁጥር ራሱን የያዘውን ጣሳ እየበላ ይሄዳል።

አልካላይን ውስጡ የተገለበጠ ነው። የውጩ ጣሳ ብረት ስለሆነ አይበላም። ማንጋኒዙ ከጣሳው ግድግዳ ጋር ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፤ ዚንኩ ደግሞ ተፈጭቶ በመሃል እንደ ሊጥ ይሞላል። ፈሳሹ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኃይለኛ አልካሊ ነው። ዚንኩ ዱቄት ስለሆነ ብዙ ገጽ አለው፤ ስለዚህ ብዙ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ በቀላሉ ይሰጣል።

ወደ ዋጋው የምንገባው እዚህ ላይ ነው። «አልካላይን ብዙ እጥፍ ይቆያል» የሚባለው ሐሰት አይደለም፤ ግን የሚሠራው ለከባድ ሥራ ነው። ሞተር ያለው መጫወቻ፣ የካሜራ ፍላሽ ወይም ደማቅ የእጅ ባትሪ ተራውን ድንጋይ ከሚችለው በላይ ስለሚስቡት ውስጡ ገና ሳይበላ ይደክማል። የግድግዳ ሰዓት ግን ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በጣም ጥቂት ይስባል፣ በየሰከንዱም ያሳርፋል። ተራው ድንጋይ ደግሞ ዕረፍት ይወዳል፤ ሲያርፍ ያገግማል። በእንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ላይ ተራው ያለውን ሁሉ አውጥቶ ስለሚሰጥ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይጠባል።

አንድ ሰዓት ወስደን እናስላው። በየሰከንዱ ቀጭ የሚለው ተራ የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች፤ በሰከንድ አንዴ በጣም አጭር ግፊት ታገኝና ዝም ትላለች። ግፊቱና ዕረፍቱ ተደምሮ ሲካፈል በአማካይ 0.1 ሚሊአምፔር ገደማ የሚስብ ሰዓት እንውሰድ። ይህ በቀን 2.4፣ በዓመት ደግሞ 876 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል። ደህና የሆነ ባለ ሁለት ኤ ተራ ድንጋይ በእንዲህ ያለ ቀላል ሥራ 900 ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ ዓመት አካባቢ ይቆያል። አልካላይኑ 2,500 ገደማ ስለሚሰጥ ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ከሁለት ተኩል እጥፍ ትንሽ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ሰዓቱ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ስለሚቆም፣ በሦስት ዓመት ውስጥም አልካላይኑ ከራሱ ጥቂት ስለሚያጣ፣ እኔ ሁለት ተኩል እጥፍ ብዬ ነው የማሰላው። የእርስዎ ሰዓት ከዚህ እጥፍ የሚስብ ቢሆን ሁለቱም ድንጋዮች በግማሽ ጊዜ ያልቃሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያው ነው። ስለዚህ የሰዓትዎን ፍጆታ በትክክል ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ የሁለቱን ዋጋ ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ ተራው 15 ብር፣ አልካላይኑ 45 ብር ቢሆን ሦስት እጥፍ ስለሆነ ተራው ያዋጣል። አልካላይኑ 30 ብር ቢሆን ግን አልካላይኑን ይውሰዱ። ብሩን ለማሳያ ያህል ነው ያስቀመጥኩት፤ የሰፈርዎን ዋጋ ያስገቡበት።

ሰዓት በርጩማ ላይ ተወጥቶ የሚወርድበት ከፍታ ላይ ከተሰቀለ ወይም ያረጁ ወላጆች ቤት ከሆነ ግን ሂሳቡ ብር ብቻ አይደለም። በሦስት ዓመት አንዴ መውጣት በየዓመቱ ከመውጣት ይሻላል፤ እኔ ለእንዲህ ያለ ቦታ ትንሽ ጨምሬም ቢሆን አልካላይን አደርጋለሁ።

ስለ ሰዓት ሳነሳ አንድ የሚጠቅም ምልክት ልንገርዎት። የኳርትዝ ሰዓት ድንጋዩ ሲደክም ቀስ እያለ አይዘገይም። ጊዜውን የሚቆጥረው ክሪስታል በትንሽ ቮልት ልክ እንደወትሮው ይቆጥራል፤ የሚደክመው መርፌውን የሚገፋው ሞተር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የሰከንድ መርፌዋ ዘጠኝ ቁጥር አካባቢ ስትደርስ ባለችበት መርገፍገፍ ነው። ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ዳገት ስለምትወጣ፣ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ክብደቷ ከሁሉም በላይ ወደታች ስለሚጎትታት እዚያ ላይ ጉልበት ያጥራታል። ይህን ካዩ ድንጋዩን ይቀይሩ። አዲስ ድንጋይ ገብቶም እዚያው ላይ ብትንቀጠቀጥ ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም፤ መርፌዋ ሌላውን መርፌ ወይም መስታወቱን እየነካች ሊሆን ይችላል፣ አለዚያም ማሽኑ አርጅቷል።

ሪሞት ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ቁልፍ ሲጫኑ ፊት ለፊት ያለችው መብራት ጠንካራ፣ ግን እጅግ አጭር የሆኑ ብልጭታዎች ትልካለች። ቁልፍ ካልተጫኑ የሚስበው ከምንም አይቆጠርም። በቀን መቶ ጊዜ ተጫኑ እንበል፤ እያንዳንዱም የሰከንድ ሲሶ ያህል ይቆይ። በቀን ወደ ግማሽ ደቂቃ ማለት ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ በአማካይ 15 ሚሊአምፔር ቢስብ እንኳ በዓመት 50 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ሳይነካ ተቀምጦ የሚስበውን ብንጨምርበት መቶ አይደርስም። ቀጭኑ ተራ ድንጋይ 400 እና ከዚያ በላይ ይይዛል። በወረቀት ላይ ብዙ ዓመት ሊሠራ ነው።

ግን ብዙ ዓመት አይሠራም፤ ምክንያቱም ሪሞት ውስጥ ድንጋዩን የሚጨርሰው ሥራ ሳይሆን ዕድሜ ነው። ተራው ድንጋይ ሳይነካም ዚንኩ ቀስ በቀስ ይበላል፣ እርጥበቱም በክዳኑ በኩል እየወጣ ይደርቃል። ፋብሪካው ራሱ የሚሰጠው የመቆያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚህ ላይ ደግሞ በመርከብና በመጋዘን ያለፈውን ይቀንሱ። አልካላይን ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይባልለታል። ስለዚህ እኔ ለሪሞት ተራውን አንድ ዓመት ተኩል፣ አልካላይኑን ሦስት ዓመት እሰጣቸዋለሁ። አልካላይኑ ውስጥ ያለው ትርፍ ኃይል ሳይነካ አብሮት ይጣላል። ሁለት እጥፍ የሚያህለው ዕድሜው ብቻ ስለሆነ ከሁለት እጥፍ በላይ መክፈል ትርፍ የለውም ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፈሰሰብዎት ሪሞት እንምጣ፤ ምክንያቱም አንድ ሪሞት መግዛት የብዙ ዓመት ድንጋይ ዋጋ ነው። ሁለቱም ድንጋዮች ይፈሳሉ፤ የሚፈሱበት መንገድ ግን ይለያያል። ተራው የሚፈሰው ጣሳው ስለሚበላ ነው። እየሳሳ ሄዶ አንድ ቦታ ይቀደድና ጎምዛዛው ጨዋማ ፈሳሽ ይወጣል። ስለዚህ ተራው ድንጋይ አደገኛ የሚሆነው ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው። ሪሞቱ «ቴሌቪዥኑ ጋ ቀርቤ ካልጫንኩ አይሠራም» ማለት ሲጀምር ብዙ ሰው ለወራት እየተጠጋ ይጠቀማል፤ ፈሳሹ የሚወጣው በእነዚያ ወራት ነው። ርቀቱ ሲያጥር በዚያው ቀን ድንጋዩን ያውጡ።

አልካላይኑ ጣሳው አይበላም፤ ግን ዚንኩ ቀስ እያለ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ በተለይ ድንጋዩ እስከ መጨረሻው ሲመጠጥ። ግፊቱ ሲበዛ ከኔጌቲቩ ጫፍ በኩል ያለው ማሸጊያ ይሸነፋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሞላው ላይ ካዩ ይህ ነው። የአልካላይኑ ፈሳሽ በብረቱ ላይ እየዳኸ የመሄድ ባሕርይ ስላለው ሪሞቱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ድረስ ደርሶ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። በእኔ ግምት ተረስቶ የቀረ አልካላይን ተረስቶ ከቀረ ተራ ድንጋይ ያላነሰ ያጠፋል። «ውድ ስለገዛሁ አይፈስም» ብሎ አምስት ዓመት መተው ዋስትና አይሆንም።

የፈሰሰውን ሲያጸዱ የትኛው እንደነበር ይለዩ። አልካላይን ከሆነ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ነክረው ነጩን ነገር ይጥረጉት፤ ትንሽ ይፈላል፣ ከዚያ ይሟሟል። ተራው ከሆነ ፈሳሹ ራሱ አሲድነት ስላለው ሎሚ አይረዳም፤ በውሃ የራሰ ቤኪንግ ሶዳ ይጠቀሙ። ከሁለቱም በኋላ በአልኮል ጠርገው በደንብ ያድርቁት፤ ሞላው ከጠቆረ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያብሱት። ሞላው ከታች ተበልቶ ከተቆረጠ ጥገና ቤት የሚወስዱት ያን ጊዜ ነው። እጅዎን ይታጠቡ፤ በተለይ የአልካላይኑ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ።

ድንጋይ መንከስ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት የብዙዎቻችን ቤት ልማድ ስለሆነ ስለ እሱም ልበል። ፀሐይ ላይ የዋለ ተራ ድንጋይ ጥቂት የሚነቃው ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ስለሚያፈጥነውና ስላረፈም ነው፤ የጨመረው ኃይል የለም፤ ሬዲዮ አንድ ምሽት ቢያሰማም ሪሞት ውስጥ የሳሳውን ጣሳ ለመቀደድ ያቀርበዋል። መንከስ ግን ፈጽሞ ይቅር፤ አልካላይን ከሆነ የሚወጣው ፈሳሽ አፍ ያቃጥላል። ድንጋዩን እዚያው ሪሞቱ ውስጥ ማሽከርከር ለጊዜው የሚሠራው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለውን ቆሻሻ ስለሚፍቅ ነው። ከተሽከረከረ በኋላ እየሠራ ሳምንታት ከቆየ ድንጋዩ ደህና ነበር ማለት ነው፤ ቆሻሻውን ያጽዱለት።

ሪሞቱ እምቢ ሲል ድንጋዩ ይሁን ሪሞቱ ለማወቅ የስልክዎን የፊት ካሜራ ይክፈቱና የሪሞቱን መብራት ወደ እሱ አድርገው ይጫኑ። በዓይን የማይታየው ብልጭታ በብዙ ስልኮች ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ደብዛዛ ከሆነ ድንጋዩ ደክሟል። በአዲስ ድንጋይም ጭራሽ ካልበራ ሪሞቱ ነው። በአንዱ ቁልፍ በርቶ በሌላው ካልበራ ደግሞ ጥፋቱ ከቁልፉ ሥር ያለው ላስቲክ ነው እንጂ ድንጋይ ቢቀይሩ ለውጥ አያመጣም።

ድንጋዩን ራሱን መለካት ከፈለጉ ሜትሩን ዝም ብለው ጫፍና ጫፉ ላይ ማድረግ ያታልልዎታል። የደከመ ተራ ድንጋይ ሳይሠራ ሲለካ 1.4 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። በሁለቱ ጫፎች መካከል 10 ኦም የሆነ ሬዚስተር አገናኝተው ለሁለት ለሦስት ሰከንድ እያሠሩ ይለኩት። ባለ ሁለት ኤ ከሆነ 1.3 ቮልትና ከዚያ በላይ ከቆመ ገና ብዙ ይሠራል። ወደ 1.2 ወይም 1.1 ከወረደ ለሪሞት አይሆንም፤ ሰዓት ግን ጥቂት ወራት ሊገፋበት ይችላል። ከ1 በታች ከሆነ ይጣል፤ ሰዓት ውስጥም መፍሰሻውን እየጠበቀ ነው።

ሪሞት ሁለት ድንጋይ ስለሚወስድ አንድ ተራና አንድ አልካላይን፣ ወይም አንድ አሮጌና አንድ አዲስ አያጣምሩ። ኃይለኛው እየገፋ የደከመውን ከዜሮ በታች ይወስደዋል፤ የደከመው ድንጋይ በግልባጭ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል፣ ይፈሳል። ብዙ ጊዜ «አንዱ ብቻ ፈሰሰ» የሚባለው ታሪክ ከዚህ ይመጣል፤ የእርስዎ ሪሞትም እንዲያ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ፓኬት።

ሲገዙ ደግሞ ፊቱን ፀሐይ የሚመታው ሱቅ ጋ ከመስታወት ጀርባ የተሰቀለውን አይውሰዱ። ሙቀት ተራውን ድንጋይ ሳይሸጥ ያስረጀዋል። ከመደርደሪያው ውስጥ ይውጣልኝ ይበሉ፤ ታች ላይ ወይም ጎኑ ላይ የታተመውን ማብቂያ ቀን ይመልከቱ። ለተራው ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል የቀረው ካልሆነ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም አያዋጣም፤ ከላይ ያሰላነው አንድ ዓመት ሰዓት ላይ የሚገኘው ትኩስ ድንጋይ ሲሆን ነው። ቤት ሲደርሱ ሪሞቱ ክዳን ውስጥ የገባበትን ወርና ዓመት በስኮች ቁራጭ ላይ ይጻፉ። ተራ ከሆነ ዓመት ተኩል ሲሞላ፣ አልካላይን ከሆነ ሦስት ዓመት ሲሞላ፣ እየሠራም ቢሆን ያውጡት። እየሠራ የወጣው የሪሞት ድንጋይ ቀጭን ስለሆነ የግድግዳ ሰዓት አይገባበትም፤ ቀጭኑን የሚወስድ የጠረጴዛ ሰዓት ካለ ግን እዚያ ጨርሰው ይጠቀሙበት።